38፣ 36 ወይስ 32? ከደብተር ፎቶ የተሠራ የባዮሎጂ ማጥኛ

ሦስት ጓደኛሞች አሉ እንበል። ሦስቱም የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ናቸው፤ ሰፈራቸው አንድ፣ ትምህርት ቤታቸው ግን የተለያየ ነው። ማትሪክ ሁለት ወር ሲቀረው የባዮሎጂ ደብተራቸውን ገጽ በገጽ በስልክ እያነሱ በቴሌግራም መለዋወጥ ጀመሩ። የሦስቱን ኖት አዋሕደው፣ በርዕስ በርዕስ የተደራጀና ቁልፍ ቃላቱ ተለይተው የተፈቱበት አንድ ማጥኛ ሊያዘጋጁ አስበዋል። ስለ ሴሉላር ሬስፒሬሽን የሚናገረው ገጽ ላይ ሲደርሱ ግን ሥራው ቆመ። አንድ ግሉኮስ ኦክስጅን ባለበት ሙሉ በሙሉ ሲፈርስ ስንት ኤቲፒ ይገኛል? የአንደኛው ደብተር 38 ይላል። የሁለተኛው 36። የልጅቷ 32።

አንዳቸውም በችኮላ አልጻፉም፤ ከሰሌዳ ላይ አጥርተው ነው የገለበጡት። ደግሞም ሦስቱም ቁጥሮች በቂ ምክንያት አላቸው። ምክንያቱን ከማየታችን በፊት ግን ፎቶዎቹ እንዴት ማጥኛ እንደሚሆኑ መከተል ይሻላል፤ እንዲህ ያለው ግጭት ብቅ የሚለው ገጾቹ በቀን ሳይሆን በርዕስ ሲደረደሩ ነውና።

ፎቶ ደብተርን እንዳለ የሚገለብጥ ይመስላል። እውነቱ ግን ትንንሽ ምልክቶች ቀድመው ይጠፋሉ፤ ባዮሎጂ ውስጥ ደግሞ ትንንሽ ምልክቶች ትልቅ ሥራ አላቸው። ሴል ውስጥ ከግሉኮስ የሚወጡትን ኤሌክትሮኖች ተሸክሞ የሚያደርስ ሞለኪውል አለ። ባዶውን ሲሆን NAD⁺ ይባላል፤ ሲጫን NADH ይሆናል። በጽሑፍ የሚለያቸው አንድ የመደመር ምልክትና አንድ H ብቻ ነው። ማታ በአምፖል ሥር፣ የእጅ ጥላ ገጹ ላይ ወድቆ በተነሳ ፎቶ ውስጥ ያቺ የመደመር ምልክት እንደ ቀለም ነጠብጣብ ትታያለች። ከፎቶው የሚገለብጠው ተማሪ «NAD» ብሎ ያልፋል። ባዶው ጋሪ የቱ፣ የተጫነው የቱ እንደሆነ ከዚያ በኋላ ከገጹ ማወቅ አይቻልም።

ይህን ለመከላከል ውድ ስልክ አያስፈልግም። ደብተሩን በቀን፣ መስኮት አጠገብ፣ ብርሃን ከጎን በሚመጣበት ቦታ ጠፍጣፋ አድርጎ መዘርጋት ነው። ፍላሹ ይጥፋ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ላይ ያንጸባርቃልና። ስልኩ ሳያጋድል ከገጹ በላይ ቀጥ ብሎ ይያዝ፤ በአንድ ፎቶ አንድ ገጽ ብቻ ይነሳ። ከመላክ በፊት ምስሉን አጉልቶ አራቱ ማዕዘኖች መኖራቸውንና ከመስመር በላይና በታች ያሉት ትንንሽ ቁጥሮች መነበባቸውን ማየት ይገባል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። ምስል እንደ ፎቶ ሲላክ መተግበሪያው ያሳንሰዋል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን እንዳለ ይደርሳል። ፋይል ዳታ ስለሚበላ ለሁሉም ገጽ አይመከርም። ፎርሙላና ሥዕል ላለበት ገጽ ግን የሚያሳሳ አይደለም።

ፎቶዎቹ ከተሰበሰቡ በኋላ ስም ያስፈልጋቸዋል። ስልክ የሚሰጣቸው ስም የተነሱበትን ቀንና ሰዓት የሚናገር የቁጥር ድርድር ስለሆነ ለፍለጋ አይረዳም። ጓደኛሞቹ `U3_resp_05_B.jpg` ብለው ቢሰይሙ፣ ምዕራፍ 3፣ ሬስፒሬሽን፣ አምስተኛ ገጽ፣ የሁለተኛው ልጅ ደብተር ማለት ይሆናል። የመጨረሻዋ ፊደል ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን ሁለት ገጾች ሲጋጩ ማንን መጠየቅ እንደሚገባ የምትናገረው እሷ ናት።

ቀጣዩ ሥራ ድልደላ ነው። ደብተር የሚጻፈው በቀን ቅደም ተከተል ነው። መምህሩ ማክሰኞ ግላይኮሊሲስን ይጀምራሉ፤ ሐሙስ የቤት ሥራ ያርማሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ፎቶሲንተሲስ ክለሳ ሰጥተው ወደ ክሬብስ ሳይክል ይመለሳሉ። አንዱ ርዕስ አሥር ገጽ ላይ ተበትኖ ይቀራል። ስለዚህ ፎቶዎቹን ከመደልደል በፊት የርዕሶቹን ዝርዝር ማውጣት ይቀድማል፤ ዝርዝሩም የሚወጣው ከመማሪያ መጽሐፉ ማውጫ እንጂ ከደብተሩ አይደለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከደብተሩ የወጣ ዝርዝር ተማሪው በቀረበት ቀን የተሰጠውን ትምህርት አይዘም፤ የሌለውንም ነገር እንደሌለ አይናገርም። ከመጽሐፉ ማውጫ የወጣ ዝርዝር ግን ፎቶ ያልተገኘለትን ርዕስ ባዶ አድርጎ ያሳያል።

ድልደላው የሚሰጠውን ጥቅም እርሾ ላይ ማየት ይቻላል። ሳይንሱ ዪስት የሚለው ይህ ፍጥረት በ12ኛ ክፍል ደብተር ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ አይገኝም። ስለ ረቂቅ ተሕዋስያን በሚያወሳው ምዕራፍ አንድ ሴል ያለው የፈንገስ ዓይነት ሆኖ ይጠቀሳል። ባዮሎጂ ለኑሮ የሚሰጠው ጥቅም ሲነሳ ዳቦና መጠጥ ይዞ ይመጣል። ኃይል እንዴት እንደሚለወጥ በሚያስረዳው ምዕራፍ ደግሞ በፈርመንቴሽን ሥር ይገኛል። በቀን ቅደም ተከተል ለሚያጠና ተማሪ እነዚህ ሦስት የማይገናኙ ወሬዎች ናቸው። ሦስቱን ፎቶዎች አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጠ ግን አንዱ ፍጥረት ሦስት ጊዜ እንደተነሳ ያያል።

ከዚያ ነገሩ ወደ ቤት ይገባል። የጤፍ ሊጥ ከእርሾ ጋር ተቦክቶ ሲያድር፣ ውስጡ ያሉት ዪስቶች ስኳሩን ሲያፈርሱ የሚለቁት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊጡን ያኮፈኩፈዋል፤ ምጣድ ላይ ሲጋገርም አረፋዎቹ ወጥተው ለእንጀራው ዓይን ይሰጡታል። ጠጅ ሲጣል የማሩ ስኳር በዚያው መንገድ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። እርጎ ግን ሌላ ነው። ወተቱን የሚያረጉት ባክቴሪያዎች ከስኳሩ ላክቲክ አሲድ ይሠራሉ፤ በዚህ መንገድ አልኮልም ጋዝም አይወጣም። ፈተና ላይ «ካርቦን ዳይኦክሳይድ የማይወጣበት ፈርመንቴሽን የቱ ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ እርጎና ጠጅን በአንድ ገጽ ያስቀመጠ ማጥኛ መልሱን ይዟል።

ያቺ የመደመር ምልክት እዚህ ላይ ተመልሳ ትመጣለች። ብዙ ደብተሮች «ፈርመንቴሽን 2 ኤቲፒ ይሰጣል» ብለው ይደመድማሉ። ድምሩ ልክ ነው፤ አባባሉ ግን ያሳስታል። ሁለቱ ኤቲፒ የተገኙት ቀደም ብሎ በግላይኮሊሲስ ነው። ግላይኮሊሲስ አንድ ግሉኮስን ለሁለት ፓይሩቬት ሲከፍል ባዶ NAD⁺ ወስዶ NADH አድርጎ ይመልሰዋል። ሴል ውስጥ ያለው NAD⁺ ጥቂት ስለሆነ ሁሉም ከተጫነ ግላይኮሊሲስ ራሱ ይቆማል። ኦክስጅን በሌለበት ጊዜ ፈርመንቴሽን የሚሠራው ሥራ ይህን ጭነት ማራገፍ ነው። NADH የተሸከመውን ለፓይሩቬት ወይም ከፓይሩቬት ለተገኘው ሞለኪውል አስረክቦ እንደገና NAD⁺ ይሆናል። አልኮሉና ላክቲክ አሲዱ የተራገፈው ጭነት ማረፊያ ናቸው። የመደመር ምልክቷ በጠፋችበት ፎቶ ላይ ይህ ሁሉ ታሪክ «NAD ወደ NADH፣ NADH ወደ NAD» የሚል ትርጉም የለሽ ዙር ሆኖ ይቀራል።

ቁልፍ ቃላት ላይ ሲደረስ ብዙ ተማሪ የሚያደርገው ከመጽሐፉ ጀርባ ያለውን ትርጉም መገልበጥ ነው። እንዲህ ያለው ዝርዝር ሲነበብ ሁሉንም የሚያውቁት ያስመስላል፤ ፈተናው ግን የሚጠይቀው ጎረቤታሞቹን ቃላት መለየት ነው። ስለዚህ ለአንድ ሂደት የሚሰጠው ፍቺ ቢያንስ የት እንደሚካሄድ፣ ምን ገብቶ ምን እንደሚወጣ፣ በይበልጥም ከየትኛው ቃል ጋር እንደሚምታታ ቢናገር ይመረጣል። ግላይኮሊሲስ በሳይቶፕላዝም ይካሄዳል፤ አንድ ግሉኮስ ይገባል፣ ሁለት ፓይሩቬት ይወጣል፤ 4 ኤቲፒ ይሠራል፣ መጀመሪያ ላይ ግን 2 ስለሚያወጣ ትርፉ 2 ነው። «4» ብሎ ብቻ የጻፈ ደብተርና «2» ብሎ ብቻ የጻፈ ደብተር ሲገናኙ የሚጣሉት አንዱ ገቢውን፣ ሌላው ትርፉን ስለመዘገበ ነው።

የእጅ ጽሑፍ የራሱን ምታት ይጨምራል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ደብተሩም በእንግሊዝኛ ነው፤ ስትሮማና ስቶማ ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፉ የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ብቻ ነው። ስትሮማ በክሎሮፕላስት ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲሆን የካልቪን ሳይክል የሚካሄድበት ነው። ስቶማ ቅጠል ላይ ያለች፣ አየር የሚገባባትና የሚወጣባት ቀዳዳ ናት። በችኮላ የተጻፈችው ፊደል ፎቶ ላይ ስትደበዝዝ «ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስቶማ ውስጥ ወደ ስኳር ይለወጣል» የሚል ዐረፍተ ነገር ይወለዳል። ኤቲፒ ሲንቴዝና ኤቲፒ ሲንተሲስም እንደዚያው ናቸው፤ የመጀመሪያው ኤንዛይሙ ነው፣ ሁለተኛው ሥራው። ማጥኛው ውስጥ እነዚህ ጥንዶች በፊደል ተራ ተራርቀው ከሚገኙ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ይሻላል። ቃሉ ራሱ ፈተናው ላይ በሚመጣበት በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ማብራሪያው ተማሪው በሚያስብበት ቋንቋ ቢሆን ነውር የለውም፤ ብዙ ጎበዝ ተማሪዎች በደብተራቸው ኅዳግ ላይ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ሦስቱ ቁጥሮች።

ጓደኛሞቹ ሦስቱን ፎቶዎች አሰልፈው ከድምሩ ወደ ኋላ፣ ወደ ደረጃዎቹ ቢሄዱ አንድ ነገር ያስተውላሉ። እስከ ክሬብስ ሳይክል መጨረሻ ድረስ ሦስቱም ደብተሮች አንድ ናቸው። ግላይኮሊሲስ 2 ኤቲፒና 2 NADH ያተርፋል። ሁለቱ ፓይሩቬት ወደ ማይቶኮንድሪያ ገብተው አሴታይል ኮኤ ሲሆኑ 2 NADH ይገኛል። ሃንስ ክሬብስ እ.ኤ.አ. በ1937 የገለጸው ዑደት ለአንድ ግሉኮስ ሁለት ጊዜ ዞሮ 6 NADH፣ 2 FADH₂ እና 2 ኤቲፒ ይሰጣል። ሲደመር 10 NADH፣ 2 FADH₂ እና በቀጥታ የተገኘ 4 ኤቲፒ። እዚህ ድረስ ጠብ የለም። ጠቡ ያለው እነዚያ የተጫኑ ጋሪዎች በኤሌክትሮን ትራንስፖርት ቼይን ሲራገፉ በስንት ኤቲፒ እንደሚመነዘሩ ነው።

የ38ቱ ደብተር እያንዳንዱን NADH በ3፣ እያንዳንዱን FADH₂ በ2 መንዝሯል። 30 እና 4፣ ከቀጥታው 4 ጋር 38 ይመጣል። የ36ቱ ደብተርም ምንዛሬው ያው ነው፤ አንድ ነገር ግን አክሏል። በግላይኮሊሲስ የተገኙት 2 NADH ያሉት ከማይቶኮንድሪያ ውጭ ነው፤ ሽፋኑን አልፈው መግባት አይችሉም። ጭነታቸውን በር ላይ ያስረክባሉ፤ በአንዳንድ ሴሎች ውስጥ የሚቀበላቸው FAD ስለሆነ የእያንዳንዳቸው ዋጋ ከ3 ወደ 2 ይወርዳል። ሁለት ኤቲፒ ጎደለ ማለት ነው፤ 36። ባክቴሪያ ማይቶኮንድሪያ ስለሌለው ይህን የበር ቀረጥ አይከፍልም፤ አንዳንድ ኖቶች 38ን ለባክቴሪያ፣ 36ን ለእንስሳና ለዕፅዋት ሴል የሚሰጡት ከዚህ የተነሳ ነው።

የልጅቷ 32 ከሌላ ዘመን የመጣ ነው። ቀደም ሲል ተመራማሪዎች ኤቲፒ በዚህ ደረጃ የሚሠራው በአንድ ያልተገኘ የኬሚካል ሸምጋይ አማካይነት እንደሆነ ይገምቱ ነበር፤ በዚያ አስተሳሰብ ምንዛሬው ሙሉ ቁጥር መሆኑ ተፈጥሯዊ ነው። እንግሊዛዊው ፒተር ሚቸል እ.ኤ.አ. በ1961 ሌላ ሐሳብ አቀረበ። ኤሌክትሮኖቹ በሰንሰለቱ ሲያልፉ ፕሮቶኖች በማይቶኮንድሪያው የውስጠኛ ሽፋን በኩል ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ ከግድብ ኋላ እንደተጠራቀመ ውኃም ይከማቻሉ፤ በኤቲፒ ሲንቴዝ በኩል ተመልሰው ሲወርዱም ኤንዛይሙን እንደ ተርባይን አሽከርክረው ኤቲፒ ያሠሩታል። ይህ ኬሚኦስሞሲስ የተባለው ሐሳብ መጀመሪያ ብዙ ተቃውሞ ገጠመው፤ በ1978 ግን የኬሚስትሪ ኖቤል አሸለመው።

ኤቲፒ በፕሮቶን የሚገዛ ከሆነ ምንዛሬው ሙሉ ቁጥር የሚሆንበት ምክንያት የለም። ከጊዜ በኋላ በተደረጉ ልኬቶች አንድ NADH 10 ያህል ፕሮቶን እንደሚያስገፋ፣ አንድ ኤቲፒ ሠርቶ ወደ ሳይቶፕላዝም ለማድረስ ደግሞ 4 ያህል እንደሚያስፈልግ ታወቀ። አሥር ለአራት ሲካፈል 2.5 ነው። FADH₂ በሰንሰለቱ ላይ ዘግይቶ ስለሚሳፈር 6 ብቻ ያስገፋል፤ ለአራት ሲካፈል 1.5። እንግዲህ 10 NADH በ2.5 ሲባዛ 25፣ 2 FADH₂ በ1.5 ሲባዛ 3፣ ከቀጥታው 4 ጋር 32። የበር ቀረጡን የሚቀንስ ሰው በዚሁ ምንዛሬ 30 ያገኛል።

በዚህ ማጥኛ ውስጥ ይህ ገጽ ሦስት ቁጥር ሊይዝ አይችልም፤ አንዱን መርጦ ሌሎቹን መጣልም ያጎድላል። ጓደኛሞቹ የመማሪያ መጽሐፉ የተጠቀመበትን ምንዛሬ በዋናው መስመር ላይ ይጽፋሉ፤ አገራዊ ፈተናው የሚወጣው ከሥርዓተ ትምህርቱ ነውና። ከሥሩ አንድ ትንሽ ሠንጠረዥ ይገባል፤ በአንድ በኩል 3 እና 2፣ በሌላው በኩል 2.5 እና 1.5፣ በሁለቱም ሥር «2 NADH ከሳይቶፕላዝም» የሚል ተቀናሽ። ጥያቄው የትኛውን ምንዛሬ እንደያዘ ከምርጫዎቹ ይታወቃል። 36 እና 38 ካሉበት የቀድሞው ነው፤ 30 እና 32 ካሉበት አዲሱ። እውነተኛው ሴል ውስጥ ደግሞ ቁጥሩ ከሁሉም ዝቅ ሊል ይችላል፤ ሽፋኑ ፕሮቶን ያፈስሳል፣ የተከማቸው ኃይልም ለሌላ ሥራ ይወጣል። ስለዚህ 32 ጣሪያው እንጂ በየቀኑ የሚገኘው ገቢ አይደለም።

እንዲህ ያለ ማጥኛ የማይችለውም አለ። ሥዕሎች ከፎቶ ሲገለበጡ በቀላሉ ይበላሻሉ፤ ደብተሩ የተሰፋበት መሐል ላይ የወደቀ ስያሜ ይቆረጣል፤ ቀስት ከአንድ ሽፋን ወደ ሌላው ይዛወራል። የማይቶኮንድሪያና የክሎሮፕላስት ሥዕሎችን ከመጽሐፉ እያዩ በእጅ እንደገና መሣል ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፤ ፕሮቶኖቹ የሚከማቹበት ቦታ በአንደኛው በሁለቱ ሽፋኖች መካከል፣ በሌላው ግን በታይላኮይድ ውስጥ እንደሆነ የሚታየው ሁለቱን አከታትሎ ለሣለ ሰው ነው።

ገጹ ሲያልቅ የሚፈተነው ፎቶዎቹም ማጥኛውም ተዘግተው፣ የትኛውም ደብተር ላይ ባልተጻፈ ጥያቄ ነው። ልጅቷ ለሁለቱ ጓደኞቿ አንዱን አወጣች እንበል፦ ሳያናይድ የኤሌክትሮን ትራንስፖርት ቼይንን የመጨረሻ ኤንዛይም ይዘጋል፤ ኤሌክትሮኖቹን ለኦክስጅን የሚያስረክበው እሱ ነው። ሳያናይድ የገባበት ሴል ከአንድ ግሉኮስ ስንት ኤቲፒ ያገኛል?

አንደኛው ከ38 ላይ 34 ቀንሶ «4» ይላል፤ በቀጥታ የተገኙት አራቱ አይነኩም ብሎ ነው። ሁለተኛው ባዶ ወረቀት ላይ ሰንሰለቱን ሥሎ ከመጨረሻው ወደ ኋላ ይሄዳል። ኦክስጅን ካልተቀበለ ኤሌክትሮኖቹ ይቆማሉ፤ ኤሌክትሮኖቹ ከቆሙ NADH የሚያራግፍበት የለውም፤ NADH ካልተራገፈ ማይቶኮንድሪያው ውስጥ NAD⁺ ያልቃል፤ NAD⁺ ካለቀ ክሬብስ ሳይክልም ይቆማል፣ የእሱም 2 ኤቲፒ ይቀራል። የቀረው ሳይቶፕላዝም ውስጥ ያለው ግላይኮሊሲስ ብቻ ነው፤ እሱም ፈርመንቴሽን NAD⁺ እየመለሰለት እስከቀጠለ ድረስ። መልሱ 2 ነው። ከዚያ የሬስፒሬሽኑን ገጽ ይከፍትና ቀደም ሲል ከፎቶ ሲገለብጥ የተዋትን የመደመር ምልክት በቀይ እስክሪብቶ ይጨምራል።